«ጧት በባዶ ሆድ»፦ ስለ ሌቮታይሮክሲን አወሳሰድ የሚሰጠው ምክር ሲመረመር

1. የነገሩ መነሻ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ መጽሐፍ ወይም አንድ ደራሲ አይደለም። የምንመረምረው የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን ለሚወስዱ ሰዎች ዘወትር የሚነገረውን፣ በመድኃኒት ፖስታም ላይ በእስክሪብቶ የሚጻፈውን «ጧት በባዶ ሆድ» የሚል የሦስት ቃል ምክር ነው። ምክሩ ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ሌላ ክኒን በተጨመረ ጊዜ ምክሩ የማይናገረው ነገር ከሚናገረው ይበልጣል። ይህም ጕድለት በሽተኛውን ወደ ጕዳት፣ ሐኪሙንም ወደ ተሳሳተ ውሳኔ እንዴት እንደሚመራ ለማሳየት እንሞክራለን።

ለምሳሌ የመረጥነው አገር ሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ያለው የይፋት ቆላ ነው። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና፣ ከጣርማ በር ቍልቍለት ተወርዶና ደብረ ሲና ታልፎ የምትገኝ ከተማ ናት። እርሷን የመረጥንበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ አገሩ ሞቃት ስለ ሆነ የመድኃኒቱ አቀማመጥ ጥያቄ ያስነሣል። ሁለተኛ፣ በይፋት ቆላ ክርስቲያኑና እስላሙ አብረው ስለሚኖሩ «ባዶ ሆድ» የሚለው ቃል በሁለት ዓይነት የጾም ሥርዓት ውስጥ ይተረጐማል። ሦስተኛ፣ ከፍ ያለ ምርመራ ያስፈለገው የቆላ ሰው ዳገቱን ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም እስከ አዲስ አበባ መሄድ ሊያስፈልገው ይችላል። በእንዲህ ያለ ድካም የተገኘ የምርመራ ውጤት በተሳሳተ መንገድ ቢተረጐም ኪሳራው እጥፍ ነው።

2. ክኒኑ ከአፍ እስከ ደም

በአንገት ፊት ያለው የታይሮይድ ዕጢ ታይሮክሲን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል። ዕጢው በእንቅርት ምክንያት በቀዶ ሕክምና የወጣለት ወይም በሌላ ሕመም ሥራውን ያቆመበት ሰው፣ ያንኑ ሆርሞን በፋብሪካ ተሠርቶ ሌቮታይሮክሲን በሚባል ክኒን መልክ በየቀኑ ይወስዳል። መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው። የብዙ ሰው የቀን ድርሻ ወደ 100 ማይክሮግራም ይጠጋል፤ ይኸውም የአንድ ሚሊግራም ዐሥረኛ እጅ መሆኑ ነው።

ከዚህ ጥቂት ነገር ውስጥ እንኳ ሁሉም ወደ ደም አይገባም። ሆዱ ባዶ በሆነ ሰው ዘንድ ከ100 እጅ 60 እስከ 80 ያኽሉ በትንሹ አንጀት በኩል ይገባል፤ የቀረው ከዓይነ ምድር ጋራ ይወጣል። ምግብ፣ ቡናና አንዳንድ መድኃኒት በዚያን ጊዜ በሆድ ውስጥ ቢገኝ የሚገባው ድርሻ ያንሳል። እንግዲህ «በባዶ ሆድ» የሚለው ቃል ምክንያቱ ይህ ነው።

የመድኃኒቱ መጠን ልክ መሆኑ የሚታወቀው ቲ.ኤስ.ኤች. በሚባል የደም ምርመራ ነው። ቲ.ኤስ.ኤች. ከአንጎል ሥር ካለች ፒቱታሪ ከምትባል ትንሽ ዕጢ ይመነጫል፤ ሥራውም ታይሮይድን ማዘዝ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን በደም ውስጥ ሲያንስ ትእዛዙ ይበረታል፤ ሲበዛ ይደክማል። ስለዚህ ከፍ ያለ ቲ.ኤስ.ኤች. የሆርሞን ማነስን፣ ዝቅ ያለ ደግሞ መብዛትን ያመለክታል። ለብዙዎች አዋቂዎች ደኅና የሚባለው ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ነው።

ታይሮክሲን ከደም ውስጥ በግማሽ የሚጐድለው በአንድ ሳምንት ገደማ ነው። ከዚህም የተነሣ ዛሬ የተደረገ ለውጥ በቲ.ኤስ.ኤች. ላይ ተስተካክሎ የሚታየው ከስድስት ሳምንት ያኽል በኋላ ነው። አንድ ቀን የተሳሳተ አወሳሰድ የሚያመጣው ጕዳት የለም፤ ወር ከወር የተደጋገመ ስሕተት ግን ሳይሰማ ይከማቻል።

3. ብረት ሲጨመር

የደም ማነስ ላለበት ሰው የሚታዘዘው የብረት ክኒን በአብዛኛው ፌረስ ሰልፌት ነው። 300 ሚሊግራም የሆነው ክኒን 60 ሚሊግራም ያኽል ንጹሕ ብረት ይይዛል። ይህን ከ100 ማይክሮግራም ሌቮታይሮክሲን ጋራ ብናመዛዝነው ብረቱ ስድስት መቶ እጥፍ ይሆናል። ሁለቱ በአንድ ጕንጭ ውኃ ሲዋጡ በአንጀት ውስጥ ይያያዛሉ፤ የተያያዘውም ነገር በውኃ ለመሟሟት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ወደ ደም ሳይገባ ያልፋል።

ይህን በግልጽ የመረመሩት በካናዳ ኖርማን ካምቤልና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ውጤታቸውንም በ1992 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። መጠናቸው ተስተካክሎ ሌቮታይሮክሲን ይወስዱ ለነበሩ 14 በሽተኞች 300 ሚሊግራም ፌረስ ሰልፌት በየቀኑ ከክኒናቸው ጋራ በአንድነት ለ12 ሳምንት ሰጧቸው። አማካይ ቲ.ኤስ.ኤች. ከ1.6 ወደ 5.4 ከፍ አለ። ከ14ቱም መካከል በዘጠኙ የሆርሞን ማነስ ምልክት ጨመረ። መርማሪዎቹ በተጨማሪ ብረቱንና ታይሮክሲኑን በብርጭቆ ውስጥ ቢቀላቅሏቸው ለመሟሟት የሚያስቸግር ወይን ጠጅ መልክ ያለው ነገር ተፈጠረ።

ይህንም ጥናት ቢሆን ሳንነቅፍ አናልፍም። 14 ሰው ጥቂት ነው። ብረት ያልተሰጠው ሌላ ቡድን ጎን ለጎን አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሰው የተነጻጸረው ከራሱ ከቀድሞው ሁኔታ ጋራ ነው። ስለዚህ «ብረት ቲ.ኤስ.ኤች.ን በዚህ ያኽል ያሳድጋል» ብለን ቍጥሩን ለእያንዳንዱ ሰው ልንሰጠው አንችልም፤ በጥቂቶቹ ለውጡ ብዙ፣ በሌሎቹ ጥቂት ነበር። ሆኖም በሰው ላይ የታየውና በብርጭቆ ውስጥ የታየው ተደጋግፈው ስለሚቆሙ የነገሩ መኖር አያጠራጥርም። የሚያጠራጥረው መጠኑ ነው፤ መጠኑንም የሚናገረው የእያንዳንዱ በሽተኛ የራሱ ምርመራ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሦስት ቃሉ ምክር እንመለስ። የብረት ክኒንም በተሻለ የሚሠራው በባዶ ሆድ ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት ሁለት ፖስታ ይዛ ስትገባ በሁለቱም ላይ «ጧት በባዶ ሆድ» ተጽፎ ልታገኝ ትችላለች። ታዛዥ ብትሆን ሁለቱን ክኒኖች በአንድ እጅ ይዛ በአንድ ጊዜ ትውጣለች። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጐዳው ምክሩን የናቀው ሰው ሳይሆን በትክክል የፈጸመው ነው። የምክሩን ጕድለት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አናገኝም።

4. አንድ ምሳሌ በዝርዝር

ቀጥሎ የምናቀርበው ነገሩን ለማስረዳት ያዘጋጀነው ምሳሌ እንጂ የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም።

አንዲት የሠላሳ ዓመት ሴት በሸዋ ሮቢት አጠገብ ሽንኵርትና ማሾ ከሚያመርቱ ቤተሰቦች ጋራ ትኖራለች እንበል። ታይሮይድዋ ሥራውን ስላቆመ 100 ማይክሮግራም ሌቮታይሮክሲን ማለዳ በ12 ሰዓት ትወስዳለች፤ ቲ.ኤስ.ኤች.ዋ 2.1 ሆኖ ተስተካክሏል። ከጊዜ በኋላ ድካም ተሰማት፤ የወር አበባዋም በዛ። ደሟ ሲመረመር ሄሞግሎቢኗ 9.2 ሆኖ ተገኘ፤ የብረት ክኒን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጧትና ማታ፣ ታዘዘላት። የጧቱን ከታይሮይድ ክኒኗ ጋራ መዋጥ ጀመረች።

ከሦስት ወር በኋላ ቲ.ኤስ.ኤች.ዋ 9.4 ሆነ። ሐኪሙ የሚያየው ወረቀት የሚለው «ሆርሞን አንሷል» ብቻ ነው፤ ለምን እንዳነሰ አይናገርም። ስለዚህ መጠኑን ወደ 125 ከፍ አደረገ። ከስድስት ሳምንት በኋላ 6.8 ቢሆን ወደ 150 አሳደገው፤ በሚቀጥለው ምርመራ 3.0 ሆነ። ሁሉም ደስ አላቸው። በእውነቱ ግን የሆነው ነገር ይህ ነው፤ ከሚዋጠው 150 ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያኽሉ በብረት እየታሰረ ወደ ውጭ ሲወጣ የቀረው የቀድሞውን 100 ያኽል ሥራ ይሠራ ነበር።

ከዚያም ሄሞግሎቢኗ ተስተካክሎ ብረቱ ቆመ። ስለ ሌላው ክኒን ማንም አልጠየቀም። አሁን የሚያስረው ስለሌለ 150ው በሙሉ እንደ ልማዱ ወደ ደም መግባት ጀመረ። በሁለት ወር ውስጥ ልቧ ይመታ፣ እጇ ይንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍ ይነሣት ጀመር፤ ክብደቷም ቀነሰ። በቆላው ሙቀት ላብ መብዛቱን እንደ በሽታ ምልክት የሚቈጥረው ሰው ስለማይኖር ይህ ምልክት ሳይታወቅ ይቈያል። ቲ.ኤስ.ኤች. ሲለካ 0.05 ሆነ። ዛሬ የሆርሞን መብዛት ያመጣባት ራሱ ሕክምናው ነው፤ ይህም ረዥም ጊዜ ቢቈይ የልብን አመታት ያዛባል፣ አጥንትንም ያሳሳል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሁለት ነገሮችን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። አንደኛው ክብ የሆነው መንገድ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ራሱ የወር አበባን ሊያበዛ ይችላል፤ የወር አበባ መብዛት ደም ያሳንሳል፤ ለደም ማነስ ብረት ይታዘዛል፤ ብረቱ ከሆርሞኑ ጋራ ከተዋጠ ሆርሞኑን ያሳንሳል፤ ነገሩም ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ድካምም የሁለቱም ሕመም ምልክት ስለ ሆነ በሽተኛዋ «ደሜ ገና አልሞላም» ብላ ብረቱን አጥብቃ ትይዛለች።

ሁለተኛው፣ የምርመራው ውጤት ሐሰት አለመሆኑ ነው። 9.4 የሚለው ቍጥር እውነት ነበር፤ በደሟ ውስጥ ሆርሞን በእርግጥ አንሶ ነበር። የተሳሳተው ቍጥሩ ሳይሆን ከቍጥሩ ወደ ውሳኔ የተሄደበት መንገድ ነው። ላቦራቶሪን መውቀስ እዚህ ላይ አይገባም።

ትክክለኛው አካሄድ ምን ነበር? መጠኑ ከመነካቱ አስቀድሞ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ነበረበት። ክኒኑን በየቀኑ ትወስጃለሽ ወይስ ይዘለላል? ካለፈው ምርመራ ወዲህ ምን አዲስ መድኃኒት ተጨመረ፣ በስንት ሰዓትስ ይወሰዳል? ክኒኑ የሚቀመጠው የት ነው? የመጀመሪያውን ጥያቄ መልስ የቀሩትን ክኒኖች በመቍጠር ማረጋገጥ ይቻላል። ሦስተኛው ጥያቄ ለቆላ አገር የግድ ነው፤ ሌቮታይሮክሲን ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ኀይሉን የሚቀንሱበት መድኃኒት ስለ ሆነና ከ25 ዲግሪ በታች እንዲቀመጥ በአብዛኛው ስለሚታዘዝ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በመስኮት ላይ የከረመ ክኒን ያለ ብረትም ቢሆን ሊደክም ይችላል።

ከዚያም መጠኑ በ100 እንደ ቈየ፣ የጧቱ ብረት ከአራት ሰዓት በኋላ ወደሚሆን ጊዜ ይዛወራል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቈይቶ ቲ.ኤስ.ኤች. ይለካል። ወደ 2 ገደማ ከተመለሰ ጥፋቱ የሰዓት ነበረ ማለት ነው። ካልተመለሰ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል፤ መጠን መጨመርም ያን ጊዜ ይታሰባል።

ስለ አራት ሰዓቱም አንድ ቃል እንጨምር። የሆርሞኑ አብዛኛው ክፍል ከተዋጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ስለሚገባ አራት ሰዓት በቂ ሆኖ ተወስኗል። ይህ ለጥንቃቄ የተቀመጠ ልማድ እንጂ በደቂቃ የተለካ ወሰን አይደለም። ሦስት ሰዓት ከግማሽ የቈየች ሴት ልትደነግጥ አይገባም፤ በየቀኑ አንድ ላይ የምትውጠው ግን ልትጠነቀቅ ይገባል።

ከዚህ ሕግ የምትወጣው ነፍሰ ጡር ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡሮች በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረት እንዲሰጥ ስለሚመክር ሁለቱ ክኒኖች በአንድ ቤት የመገናኘታቸው ዕድል ሰፊ ነው። ነገር ግን እርግዝና ራሱ የሆርሞኑን ፍላጎት ስለሚያሳድግ፣ የፅንሱም አእምሮ በመጀመሪያዎቹ ወሮች በእናቱ ሆርሞን ላይ ስለሚደገፍ «ሰዓቱን አዛውረን ሁለት ወር እንጠብቅ» አይባልም። ለእርሷ ሰዓቱም መለያየት፣ መጠኑም በሐኪም መታየት አለበት፤ ምርመራውም በየአራት ሳምንቱ ይደገማል።

5. ካልሲየም፦ ተመሳሳይ ነገር፣ የተለየ ችግር

ካልሲየም የሚያደርገው ከብረት ጋራ ይመሳሰላል። በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት 20 በሽተኞች በቀን 1200 ሚሊግራም ካልሲየም በካርቦኔት መልክ ለሦስት ወር ከሌቮታይሮክሲን ጋራ ሲወስዱ አማካይ ቲ.ኤስ.ኤች. ከ1.6 ወደ 2.7 ከፍ እንዳለ፣ ካልሲየሙ ሲቆም ደግሞ ወደ 1.4 እንደ ተመለሰ አሳየ። ለውጡ ከብረቱ ያነሰ ነው፤ ሲቆም መመለሱ ግን ምክንያቱን በደንብ ያረጋግጣል።

የካልሲየም ልዩ ችግር ሌላ ነው። እንቅርት በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ከታይሮይድ ጀርባ ያሉት አራት ትንንሽ ዕጢዎች ሊነኩ ይችላሉ። እነዚህ ዕጢዎች የደምን ካልሲየም የሚጠብቁ ስለ ሆኑ ከተነኩ የበሽተኛው ጣቶችና ከንፈሮች ይደነዝዛሉ፤ ለዚህም የካልሲየም ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ሊታዘዝለት ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ክኒኖች እዚህ ላይ የሚገናኙት በአጋጣሚ ሳይሆን በአንድ ሐኪም ትእዛዝ፣ በአንድ ቀን ነው። ጧት፣ ቀትርና ማታ ካልሲየም ለሚወስድ ሰው «ጧት በባዶ ሆድ» ማለት አይጠቅምም። ለእንዲህ ያለው የሚሻለው ካልሲየሙን ከቍርስ፣ ከምሳና ከራት ጋራ አድርጎ ሌቮታይሮክሲኑን ከራት አራት ሰዓት ቈይቶ በመኝታ ጊዜ መውሰድ ነው። ወይም ገና ሳይነጋ ወስዶ የመጀመሪያውን ካልሲየም እስከ ረፋድ ማቈየት ይቻላል።

6. አሚዮዳሮን፦ በአንድ መዝገብ የገባ ባዕድ

በመድኃኒት መጻሕፍት ዘንድ ብረት፣ ካልሲየምና አሚዮዳሮን «የታይሮይድን ሕክምና የሚያውኩ» ተብለው በአንድ ሠንጠረዥ ሲደረደሩ እናያለን። ሠንጠረዡንም እንደ ምክሩ እንነቅፈዋለን፤ ምክንያቱም የሚመሳሰሉት በውጤታቸው እንጂ በሥራቸው አይደለም።

አሚዮዳሮን የልብ አመታት ሲዛባ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ከክብደቱ ከ100 እጅ 37 ያኽሉ አዮዲን ነው። ስለዚህ አንዱ የ200 ሚሊግራም ክኒን ወደ 75 ሚሊግራም አዮዲን ይይዛል። ለአዋቂ ሰው የቀን ፍላጎት 150 ማይክሮግራም በመሆኑ ይህ አምስት መቶ እጥፍ ነው፤ ከዚያም ውስጥ በየቀኑ በእርግጥ የሚለቀቀው ጥቂቱ ክፍል ብቻ እንኳ ከፍላጎት ብዙ ይበልጣል። ከዚህም በላይ መድኃኒቱ ታይሮክሲን በሰውነት ውስጥ ወደሚሠራው ሆርሞን እንዳይለወጥ ያግዳል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንጀት ሳይሆን በዕጢውና በሥጋው ውስጥ ነው። ሌቮታይሮክሲንን በጧት፣ አሚዮዳሮንን በማታ መውሰድ ምንም አያተርፍም። አሚዮዳሮን በስብ ውስጥ ስለሚከማች ከቆመ በኋላ እንኳ ለወራት ይቈያል። ታይሮይዱ ጤነኛ የሆነ ሰው እንኳ መድኃኒቱን በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ቲ.ኤስ.ኤች.ው ጥቂት ከፍ ሊል፣ ከዚያም በራሱ ሊመለስ ይችላል። በዚያን ጊዜ የተለካ ቍጥር ያልነበረ በሽታ ያለ ሊያስመስል ይችላል። ስለዚህ ምርመራው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም ሦስት ወር ካለፈ በኋላ፣ ቀጥሎም በየስድስት ወሩ መደረጉ ይሻላል።

ለአገራችን የሚገባ ሌላም ነገር አለ። አሚዮዳሮን አዮዲን በበቂ በሚገኝበት አገር የሆርሞን ማነስን፣ አዮዲን ባነሰበት አገር ደግሞ የሆርሞን መብዛትን የማምጣት ዝንባሌ አለው። ኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን አዮዲን ያነሰባት፣ እንቅርትም የበዛባት አገር ናት፤ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ያደገ፣ አሮጌ እንቅርት ያለበት የይፋት ሽማግሌ አሚዮዳሮን ሲጀምር ሐኪሙ ማነስን ብቻ ሳይሆን መብዛትንም መጠበቅ አለበት።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ላይ ይገኛል። ሁለት በሽተኞች አንድ ዓይነት ከፍ ያለ ቲ.ኤስ.ኤች. ይዘው ቢመጡ፣ አንደኛዋ ብረት፣ ሁለተኛው አሚዮዳሮን የሚወስዱ ቢሆኑ፣ የሚገባቸው ሕክምና ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። ለመጀመሪያዋ መጠኑ ሳይነካ ሰዓቷ ይለወጣል። ለሁለተኛው ሰዓቱን መለወጥ ከንቱ ነው፤ ከፍታው ከቀጠለ የሌቮታይሮክሲን መጠን በእርግጥ መጨመር ያስፈልገው ይሆናል። አሚዮዳሮኑንም የልብ ሐኪሙ ሳያውቅ ማቋረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። «የሚያውኩ መድኃኒቶች» የሚለው አንድ ስም ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል።

7. በይፋት «ባዶ ሆድ» ማለት መቼ ነው?

ምክሩን የጻፈው ሰው ያሰበው ጧት ተነሥቶ ቍርስ የሚበላውን ሰው ነው። በይፋት ግን የቀኑ ሰዓት በጾም ይለዋወጣል። በረመዳን የሚጾም ሰው ጎሕ ከቀደደ በኋላ ውኃም አይቀምስም፤ ስለዚህ «ጧት» የሚባለው ጊዜ ለእርሱ የለም። ክኒኑን በአፍጥር ማዕድ ላይ ከቴምርና ከሾርባ ጋራ ቢውጠው ደግሞ ባዶ ሆድ አይደለም። ለእርሱ የሚስማማው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ለሱሑር ሲነሣ መጀመሪያ ክኒኑን በውኃ ውጦ፣ ግማሽ ሰዓት ቈይቶ መብላት ነው። ብረት ካለበት በአፍጥር ጊዜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ይውሰደው፤ በሁለቱ መካከል ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ይኖራል።

በዐቢይ ጾም እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ክርስቲያን ማለዳ ክኒኑን በውኃ የሚወስድ ከሆነ እንዲያውም ረዥም ባዶ ሆድ ስላለው ይመቸዋል። ማለዳ ውኃም አልቀምስም የሚል ግን ከማቋረጥ ይልቅ ራቱን ከበላ ከሦስት ወይም ከአራት ሰዓት በኋላ በመኝታ ጊዜ ቢወስደው ይሻላል። በኔዘርላንድ ተደርጎ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በመኝታ ጊዜ መውሰድ ከጧት አወሳሰድ የማያንስ፣ እንዲያውም ጥቂት የሚበልጥ ውጤት እንደ ሰጠ አሳይቷል። እንግዲህ «ጧት» የሚለው ቃል ከምክሩ ውስጥ የሚያስፈልገው አነስተኛው ክፍል ነው። የሚያስፈልገው ባዶነቱና ሰዓቱ ከቀን ወደ ቀን አለመለዋወጡ ነው፤ በጾም ጊዜ ሰዓቱ ከተለወጠም ወር ሙሉ በአዲሱ ሰዓት መጽናት ነው።

የቡናም ነገር ሳይነሣ አይታለፍ። ክኒኑን ውጦ ወዲያው ቡና መጠጣት የሚገባውን ድርሻ እንደሚቀንስ በምርመራ ታይቷል። ስለዚህ የመጀመሪያው ስኒ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ይጠብቅ። ቡና የብረትንም መግባት ስለሚቀንስ ከሁለቱም ክኒኖች መራቅ ይገባዋል።

8. በሦስቱ ቃል ፋንታ

ሒስ አፍርሶ ዝም ማለት ስለማይገባው በፖስታው ላይ ሊጻፍ የሚችለውን እንጠቁማለን፦ «ይህን ክኒን ብቻውን በውኃ ይውሰዱ። እስከ ግማሽ ሰዓት ምግብም ቡናም አይቅመሱ። የብረት ወይም የካልሲየም ክኒን ካለዎት አራት ሰዓት ያራርቁት። አዲስ መድኃኒት ሲጀምሩም፣ ሲያቆሙም ለሐኪምዎ ይንገሩ።»

አራት ዐረፍተ ነገር ነው፤ በትንሽ ፖስታ ጀርባ ይበቃል። ከአራቱ መካከል የመጨረሻውን አጥብቀን እንይዛለን፣ በተለይም «ሲያቆሙም» የሚለውን ቃል። በምሳሌያችን ያየናት ሴት ብረት ስትጀምር ማንም ባይጠይቃት ሆርሞኗ አነሰ፤ ስታቆም ማንም ባይጠይቃት በዛባት። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ ሁለቱን ክኒኖች በሁለት የተለያዩ ዕቃዎች፣ አንዱን በአልጋ አጠገብ፣ ሌላውን በምሳ ዕቃ ዘንድ እንዲያኖር መንገር ከጽሑፉ ይበልጣል።

ይህ ቃል ለአሚዮዳሮን አይበቃም፤ እንዲበቃም አልጻፍነውም። ለእርሱ የሚያስፈልገው የፖስታ ጽሑፍ ሳይሆን በሽተኛው በሚይዘው ካርድ ላይ የተመዘገበ፣ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የተለካ ቲ.ኤስ.ኤች. ነው። ያ ቍጥር ከሌለ ኋላ የሚመጣው ቍጥር ሁሉ ከምን እንደ ተለወጠ የሚያመዛዝኑበት ነገር አይኖርም።